አፍ ላይ መጥቶ የሚጠፋ ቃል፦ ለተገላቢጦሽ መዝገበ ቃላት ምን ብለን እንንገረው?

ጥያቄ፦ «ሐረር ውስጥ አስጎብኚ ነኝ። እንግሊዝኛዬ ደህና ነው፣ ግን በደንብ የማውቀው ቃል አፌ ላይ መጥቶ ይጠፋብኛል። ለምሳሌ የሐረሪ ቤት ግድግዳ ውስጥ ዕቃ የሚቀመጥበት ጎድጎድ ያለ ቦታ አለ አይደል፣ ስሙን አውቀዋለሁ፣ አጭር ነው፣ በኤን ይጀምራል መሰለኝ፣ ግን ሁሌ ‹ሼልፍ› ብዬ አልፋለሁ። ትርጉሙን ስትነግረው ቃሉን የሚያመጣ መዝገበ ቃላት አለ ብለውኝ ሞከርኩ፣ ዝባዝንኬ ነው ያመጣልኝ። ምን ብዬ ነው የምጽፍለት? ለአማርኛስ እንዲህ ያለ አለ?»

መልስ፦

የሞከርከው መዝገበ ቃላት ምንም ላይሆን ይችላል። ችግሩ የጻፍክለት ነገር ላይ ይመስለኛል። (የድሬ ልጅ ነኝና «አንተ» ስልህ ቅር እንዳይልህ፣ እኛ ጋ አባትም «አንተ» ነው።)

ምን ብለህ እንደጻፍክ አልነገርከኝም። ግን ትርጉምና መዝገበ ቃላት ላይ ስለምሠራ ሰው መጀመሪያ ምን እንደሚጽፍ አውቃለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ነው፦

```
hole in the wall for plates
```

አየህ፣ አንተ ያየኸውን ነው የጻፍከው። ግድግዳ አለ፣ ቀዳዳ አለ፣ ሳህን አለ። ለአማርኛ ተናጋሪ ጓደኛህ ይህን ብትለው ይገባዋል። እንግሊዝኛው ግን «የግድግዳ ቀዳዳ» የሚለውን ሐረግ ለሌላ ነገር ይዞታል፤ ጠባብና ተራ ምግብ ቤት እንዲህ ይባላል፣ እንግሊዝ አገር ደግሞ የባንክ ገንዘብ ማውጫ ማሽን። ስለዚህ መሣሪያው ወደ ምግብ ቤት ቢወስድህ አትፍረድበት፣ ሳህንም ጨምረህለታል።

ነገሩን ለመረዳት ይህ መሣሪያ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ይጠቅማል። ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ዋንሉክ የሚባለው ነው፣ አድራሻው `onelook.com/thesaurus`። ከጀርባው ብዙ መዝገበ ቃላትና ሌሎች የጽሑፍ ክምችቶች አሉ። አንተ የጻፍከውን መግለጫ ይወስድና ትርጉማቸው ከእሱ ጋር የሚቀራረብ ቃላትን ደርድሮ ያመጣል፣ በጣም የሚቀርበው ከላይ። ከዚህ ወዲህ የመጡት፣ ለምሳሌ የቻይናው ፂንግዋ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የሠሩት ዋንትወርድስ፣ መግለጫውን ወደ ቁጥር ለውጠው በቁጥር የሚቀርበውን ቃል ይፈልጋሉ። መንገዳቸው ይለያያል እንጂ የሚማሩት ከአንድ ቦታ ነው፤ መዝገበ ቃላት ጸሐፊዎች ቃላትን ከፈቱበት አረፍተ ነገር። ስለዚህ አንተም እንደ መዝገበ ቃላት ጸሐፊ ስትጽፍለት ይገባዋል፣ እንደ አስጎብኚ ስታወራለት ይደናገራል። ያው ሥራህ ማውራት ስለሆነ ትንሽ ይከብድህ ይሆናል።

መዝገበ ቃላት ጸሐፊ አንድን ነገር ሲፈታ በመጀመሪያ የሚጽፈው ወገኑን ነው። ምን ዓይነት ነገር ነው? ዕቃ ነው፣ ሰው ነው፣ ድርጊት ነው፣ የቤት ክፍል ነው? ከዚያ በኋላ ነው ከወገኖቹ የሚለየውን የሚጨምረው። «ወንበር» ብለህ ብትፈልግ መጀመሪያ «መቀመጫ» ይልሃል፣ ቀጥሎ «መደገፊያ ያለው»። ይህችን ቅደም ተከተል ያዝ። የፍለጋው ግማሽ መንገድ የወገኑን ስም በትክክል መምረጥ ነው።

ያንተን ቃል እንውሰደው። ያ ቦታ ወገኑ ምንድን ነው? «ቀዳዳ» አይደለም፣ ቀዳዳ ወዲያ ማዶ ያሳልፋል። ይህ አያሳልፍም፣ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ይቆማል። እንግሊዝኛ ለእንዲህ ያለ ገባ ያለ ቦታ ጥቅል ስም አለው፣ ሪሴስ። ሪሴስ የሚለው ካልመጣልህ «ገባ ያለ ቦታ» ብለህ በቀላል እንግሊዝኛ ጻፈው። ከዚያ ልዩነቱን ጨምር፦ ግድግዳ ውስጥ ነው፣ ጥልቀት የለውም፣ ዕቃ ለማሳየት ወይም ለማስቀመጥ ነው። እንዲህ ይሆናል፦

```
shallow recess in a wall for displaying an object
```

ሳህኑ ቀረ፣ አስተውል። ሳህን የሐረሪ ቤት ነገር ነው። እንግሊዝኛው መዝገበ ቃላት እዚያ ቦታ ላይ የሚያስበው ሐውልት ወይም ጌጥ ነው። የራስህን አገር ዝርዝር ስታስገባ መሣሪያው ያንን ቃል ይዞ ወደ ወጥ ቤት ይሮጣል። ስለዚህ ዝርዝሩን ከፍ አድርገው፤ ሳህን ከማለት «ዕቃ»፣ ነደባ ከማለት «መቀመጫ መደብ»።

አሁን ከሚመጡልህ ቃላት ውስጥ ሁለቱ ዓይንህን ይይዙታል፦

```
niche
alcove
```

የመጀመሪያውን ስታይ «እሱ ነው!» ካልክ ጨርሰሃል። እሱ ነው የጠፋብህ። ኒሽ ይሉታል፣ ኒች የሚሉም አሉ፣ ሁለቱም ልክ ነው።

ግን ቆይ፣ እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ዝርዝሩ ላይ ደህና የሚመስል ቃል ያይና ይዞ ይሄዳል። አልኮቭን ብትወስድ ኖሮ ስህተቱ ወዲያው አይታወቅህም ነበር፣ ምክንያቱም እሱም ግድግዳ ውስጥ ገባ ያለ ቦታ ነው። ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው። አልኮቭ ሰው የሚገባበት ነው፤ አልጋ ወይም ወንበር ይዘረጋበታል፣ ከክፍሉ ጋር የተያያዘ ትንሽ ክፍል በለው። ኒሽ ደግሞ ዕቃ ነው የሚችለው። እንግዳ ይዘህ ሐረሪ ቤት ገብተህ ወደ ግድግዳው እየጠቆምክ «አልኮቭ» ብትል ሰውየው የሚገባበት ቦታ ሲፈልግ ይኖራል።

ስለዚህ የመጣልህን ቃል በቀጥታው መዝገበ ቃላት መልሰህ ፈትሸው። ትርጉሙን አንብብ፣ አንድ ሁለት ምሳሌ አረፍተ ነገር እይ። አፍህ ላይ የነበረው ቃል ከሆነ ብዙ ጊዜ ገና ስታየው ታውቀዋለህ፣ ማመንታት የለም። «ይሆናል መሰለኝ» እያልክ ከሆነ የያዝከው ሌላ ቃል ነው ማለት ነው፣ ምናልባትም ደህና ምትክ፣ ግን ያንተ አይደለም።

የዚህ ምክንያቱ ቀላል ነው። ቃል አፍህ ላይ ሲቀር ትርጉሙ አልጠፋም፣ ቃሉም ከጭንቅላትህ አልወጣም። ከትርጉሙ ወደ ድምፁ የሚወስደው መንገድ ነው ለጊዜው የደከመ። ድምፁን ወይም ጽሕፈቱን ከውጭ ካገኘኸው ከሌላው ጫፍ ስለምትገባ ወዲያው ይገጥማል። ተገላቢጦሽ መዝገበ ቃላት የሚጠቅመውም ለዚህ ነው፤ ቃሉን እንድታስታውስ አይጠይቅህም፣ ዝርዝር ውስጥ አይተህ እንድትለየው ብቻ ነው የሚጠይቅህ። ደግሞ ሁለትና ከዚያ በላይ ቋንቋ የሚናገር ሰው ይህ ነገር አንድ ቋንቋ ብቻ ከሚናገረው በበለጠ እንደሚያጋጥመው በጥናት ታይቷል። ሐረር ላይ ጠዋት ከቤት ወጥተህ እስክትመለስ ስንት ቋንቋ እንደምትቀያይር አንተው ቁጠረው። በሽታ ነው ብለህ አትስጋ።

አሁን ስለዚያ «በኤን ይጀምራል መሰለኝ» ስላልከው። እሱ ቀላል መረጃ አይደለም። በ1966 እ.ኤ.አ. ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ሰዎች፣ ብራውን እና ማክኒል፣ ብዙም የማይዘወተሩ ቃላትን ትርጉም ለተማሪዎች እያነበቡ ቃሉን እንዲሉ ጠየቋቸው። አንዱ ሴክስታንት ነበር፣ መርከበኞች የፀሐይንና የከዋክብትን ከፍታ የሚለኩበት መሣሪያ። ቃሉ አፋቸው ላይ የቀረባቸው ተማሪዎች የመጀመሪያውን ፊደል ሲገምቱ ከግማሽ በላይ፣ 57 በመቶ ያህል፣ ልክ አገኙ። በዘፈቀደ ቢሆን ከዚያ እጅግ ባነሰ ነበር። ግን ሌላውንም ጎን እይ፤ ከግምቱ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ስህተት ነው።

ስለዚህ እኔ የምመክርህ ቅደም ተከተል ይኼ ነው። መጀመሪያ ያለ ፊደል ፈልግ። ዝርዝሩን እስከ ሃያና ሠላሳ ቃል ድረስ ዓይንህን አሳልፍበት፣ አታንብበው፣ ዝም ብለህ ቃኘው። ካልመጣ ያን ጊዜ ፊደሉን ጨምር። ዋንሉክ ላይ ፊደሉ፣ ኮከብ ምልክት፣ ሁለት ነጥብ፣ ከዚያ መግለጫው ነው የሚጻፈው፦

```
n*:recess in a wall
```

ኮከቧ «ከዚህ በኋላ ምንም ያህል ፊደል ይኑር» ማለት ናት። የፊደሉን ብዛት የምታስታውስ ከሆነ ለያንዳንዱ ፊደል አንድ የጥያቄ ምልክት ታደርጋለህ። ኮድ የሚነካ ጓደኛ ካለህ ደግሞ ዋንሉክ የሚጠቀምበትን ዳታሙዝ የሚባለውን አገልግሎት በቀጥታ በአድራሻ መጠየቅ ይቻላል፦

```
https://api.datamuse.com/words?ml=recess+in+a+wall&sp=n*
```

`ml` የሚለው ትርጉሙ ነው፣ `sp` ደግሞ አጻጻፉ። `sl` የሚል ሦስተኛም አለው፣ እሱ በድምፅ የሚመሳሰለውን ነው የሚፈልገው። ለኛ ሰው ይህ ሦስተኛው በጣም ይጠቅማል፤ እኛ የምናስታውሰው ድምፁን ነው፣ እንግሊዝኛ ደግሞ ድምፁና ፊደሉ አይተማመኑም። «ን» ብሎ የጀመረልህ ቃል ሲጻፍ በኬ ወይም በጂ ሊጀምር ይችላል። «ፍ» ያልከው ፒኤች ሊሆን ይችላል። በኤን ፈልገህ ያጣኸውን ቃል «የለም» ከማለትህ በፊት ይህን አስብ።

ሼልፍን በተመለከተ። እሱ መንገድ ላይ የቆመብህ ቃል ነው። ትክክለኛው ሲጠራ ቀድሞ የሚመጣ፣ ትርጉሙ የሚቀርብ፣ ግን ያልሆነ። ሰዎች ይህን ቃል ለማባረር መግለጫው ውስጥ ይጨምሩታል፣ «ሼልፍ ያልሆነ» ብለው ይጽፋሉ። ተው። እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች አሉታን በደንብ አይረዱም። ሼልፍ የሚል ቃል ካዩ የሼልፍን ዘመዶች ነው የሚጠሩልህ። የማትፈልገውን ቃል አትጥራው፣ የምትፈልገውን ብቻ ግለጽ።

ሌላው የምመክርህ፣ ቶሎ ፈልግ። አፌ ላይ ነው፣ ይመጣል፣ ይመጣል እያልክ አትታገል። ዋሪነርና ሃምፍሪስ የተባሉ ካናዳ ያሉ ተመራማሪዎች በ2008 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ቃል አፋቸው ላይ የቀረባቸውን ሰዎች አንዳንዴ 10 ሰከንድ፣ አንዳንዴ 30 ሰከንድ እንዲታገሉ አድርገው ከዚያ መልሱን ነገሯቸው። ከሁለት ቀን በኋላ በዚያው ቃል ሲፈትኗቸው፣ 30 ሰከንድ የታገሉበት ቃል ላይ ነው ይበልጥ ደግመው የተያዙት። ማለትም ስትታገል የምትለማመደው መያዙን ነው። አንተም ሼልፍ እያልክ ባለፍክ ቁጥር ሼልፍን እያጠናህ ነው ያለኸው። ኒሽን ስታገኘው ለራስህ ጮክ ብለህ በለው፣ በዚያው ቀን ደግሞ ለእንግዳ ተናገርበት።

አንድ ሌላ ቃል ልስጥህና ራስህ ሞክረው፣ ሰፈርህ ያለ ነገር ነው። መኪና ግርግር ስትሄድ ልብስ ሰፊዎቹ በእግራቸው የሚረግጡት፣ መኪናውን የሚያዞርላቸው ነገር። «የስፌት መኪና እግር መርገጫ» ብለህ ብትጽፍ ስለ ስፌት ብዙ ነገር ያመጣልሃል፤ ክር፣ መርፌ፣ ልብስ ሰፊ። ወገኑን አስቀድም። ይህ ነገር ምንድን ነው? ሊቨር ነው፣ ማንሻ ዘንግ። በምን ይሠራል? በእግር። ለምን? ማሽን ለማዞር።

```
lever worked by the foot to drive a machine
```

ስፌት የሚለው ቃል ጨርሶ የለም። ፔዳልና ትሬድል ይመጡልሃል፣ የስፌት መኪናው ትሬድል ነው። ፔዳል የብስክሌትም የፒያኖም የመኪናም ስለሆነ ሰፊ ነው።

ወደ አማርኛው እንምጣ። ተጠናቅቆ የተሠራ፣ ለአማርኛ እንደ ዋንሉክ ገብተህ መግለጫ የምትጽፍበት ነገር ልጠቁምህ አልችልም። እኔ የምሠራው በመሸጋገሪያ ነው። ቃሉን በእንግሊዝኛ እገልጸዋለሁ፣ የእንግሊዝኛው ስም ይመጣል፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት ወደ አማርኛ እመለሳለሁ። ለምሳሌ ብረት ቀጥቃጭ እሳቱን የሚያነድበት፣ ሲጫኑት ንፋስ የሚተፋው የቆዳ ነገር ስሙ ጠፋብህ እንበል።

```
device that blows air onto a fire
```

ቤሎውስ ይልሃል። መዝገበ ቃላቱን ትገልጣለህ፣ ወናፍ። አለቀ። ለዚህ የመልስ ጉዞ የቮልፍ ሌስላው የ1973 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም ቃሉን ብቻውን አይሰጥህም፣ አረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ ነው የሚያሳይህ። አንድ የእንግሊዝኛ ቃል አራት የአማርኛ ቃል ሲኖረው የትኛው ያንተ እንደሆነ የምትለየው በአረፍተ ነገሩ ነው።

መሸጋገሪያው የሚሰበርበት ቦታ አለ። እንግሊዝኛ ስም ያላወጣለት ነገር በዚህ መንገድ አይመጣም። የሐረሪን ቤት አምስቱን ነደባዎች በእንግሊዝኛ ግለጽ ብትባል የሚመጣልህ ፕላትፎርም ነው፣ አምስቱም ፕላትፎርም። ስሜትም እንዲሁ። «ቅር አለኝ» የሚለውን ገልጸህ ብትፈልግ የሚመጣው ወይ ከቅሬታ ይከብዳል ወይ ይቀላል፣ ተመልሰህ ወደ አማርኛ ስትገባ ሌላ ቃል ላይ ትወድቃለህ። ለእንዲህ ያለው ቃል የተሻለው መዝገበ ቃላት አጠገብህ ያሉ እናት ናቸው። ሲጠየቁም መግለጫው ያው ነው፣ ወገኑን ቀድመህ ልዩነቱን ቀጥለህ ትነግራቸዋለህ።

ያለበለዚያ የራስህን ትሠራለህ። አስጎብኚ ስለሆንክ የምትጠቀምባቸው ቃላት እልፍ አይደሉም፤ ስለ ግንብ፣ ስለ በር፣ ስለ ቤት፣ ስለ ቡና፣ ስለ ጅብ፣ ስለ ገበያ ናቸው። ኤክሴል ላይ ሁለት ዓምድ ክፈት። አንዱ ላይ ቃሉን ጻፍ፣ ሁለተኛው ላይ በራስህ አነጋገር ፍታው፣ በተለይ ስሙ ሲጠፋብህ ያልከውን ነገር። «ሼልፍ» የሚለውንም እዚያው ፍቺው ውስጥ ጻፍ። መሣሪያው ላይ ከልክዬህ ነበር፣ እዚህ ግን ይጠቅምሃል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ቀድሞ የሚመጣልህ እሱ ስለሆነ እሱን ስትፈልግ ኒሽ ይወጣልሃል። በስልክህ ይከፈታል፣ ጀጎል ውስጥ ኔትወርክ ባይኖርም ይሠራል።

በአማርኛ ስትጽፈው አንድ ነገር ልብ በል። ፈላጊው ፊደል እንጂ ድምፅ አያውቅም። «ፀሐይ» ብለህ መዝግበህ «ጸሀይ» ብለህ ብትፈልግ የለም ይልሃል። ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ ለሱ ሁሉም የተለያዩ ናቸው። ለፍቺው ዓምድ አንድ አንድ ብቻ መርጠህ ሁልጊዜ በእሱ ጻፍ። በጽሑፍ ፋይል አስቀምጠህ በኮምፒውተር የምትፈልግ ከሆነ ደግሞ ሁሉንም አማራጭ በቅንፍ መስጠት ትችላለህ፦

```
grep "እ[ሳሣ]ት" qalat.txt | grep "[ነን]ፋስ"
```

ይህ ፍቺው ውስጥ እሳትም ነፋስም ያለበትን መስመር ብቻ ነው የሚያወጣው፣ እሳት በሳም ይጻፍ በሣ፣ ነፋስም ይባል ንፋስ። ወናፍን ያመጣልሃል። የግሥ ነገር ግን ያስቸግራል፤ «ይነፋል» ብለህ ጽፈህ «መንፋት» ብለህ ብትፈልግ አይገናኙም። ስለዚህ ፍቺህ ውስጥ ስሞችን አብዛ፣ ግሡን ካስገባህ ደግሞ «ነፋ» በሚለው መልኩ ጨምርበት፣ ፍለጋህንም በዚያው ጻፍ።